አንድ ማኅበር፣ አራት ድምፅ፦ ለዓመታት በተለያዩ ሰዎች የተጻፈን ድረ ገጽ ቃና ስለማስተካከል የተደረገ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በሀዋሳ የሚገኝ አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር የድረ ገጹን የተዘበራረቀ ቃና እንዴት እንደለየና እንዳስተካከለ ይዘግባል። የማኅበሩም ሆነ የሰዎቹ ስም አልተጠቀሰም። ሥራውን የሠሩት የማኅበሩ ሦስት ሠራተኞች ሲሆኑ እኔ በአርታኢነት አብሬአቸው ሠርቻለሁ። ጉዳዩ ሊመዘገብ ይገባዋል ያልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በአማርኛ የቃና መዘበራረቅ ከቃላት ምርጫ ይልቅ በግሱ መድረሻ ላይ፣ ማለትም ጽሑፉ ማንን እንደሚያነጋግር በሚያሳየው ክፍል ላይ ጎልቶ የሚታይ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበው ደግሞ ቃናውን ለማለዘብ የሚደረግ እርማት የአባሉን ግዴታ ሳይታወቅ ሊለውጥ የሚችል መሆኑ ነው።

ዳራ

ድረ ገጹ የተከፈተው በ2006 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች የጻፉት የማኅበሩ ጸሐፊ የነበሩ፣ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ በመጻፍ የቆዩ ሰው ነበሩ። ስለዚህ የአባልነት መስፈርቱ፣ የብድር ደንቡና የቅሬታ አቀራረቡ ሁሉ «መሆኑን እናሳውቃለን» እና «በጥብቅ እናሳስባለን» በሚሉ ማሰሪያዎች የተዘጉ ረጃጅም ዐረፍተ ነገሮች ሆኑ። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ብዙ ወጣት ሠራተኞች ወደ ከተማዋ ከመጡ በኋላ ማኅበሩ እነርሱን ለመሳብ አንድ የማስታወቂያ ባለሙያ በትርፍ ሰዓት ቀጠረ። ባለሙያው የቁጠባ ገጾቹን «ቆጥቡ፣ ተበደሩ፣ ተለወጡ!» በሚል የጥሪ አነጋገር ጻፋቸው። ቀጥሎ ከአንድ የሥልጠና ፕሮጀክት ጋር በትብብር የተዘጋጁ ገጾች መጡ፤ እነዚህ «ከማረጋገጥ አኳያ» እና «ግንዛቤ እንዲፈጠር ከማድረግ አንጻር» የበዛባቸው፣ ለአባሉ ሳይሆን ለሪፖርት አንባቢ የተጻፉ ነበሩ። በመጨረሻ አንድ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ የመመዝገቢያና የብድር መጠየቂያ ቅጾችን ሲጨምር፣ በየሳጥኑ አጠገብ «ስልክ ቁጥርህን አስገባ» እና «የተሳሳተ መረጃ አስገብተሃል» የሚሉ አጫጭር መልእክቶችን ጻፈ።

እያንዳንዱ ጸሐፊ ለብቻው ሲታይ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ጸሐፊው ደንቡን ሳያዛቡ አስቀምጠዋል፤ የማስታወቂያ ባለሙያውም ወጣቶቹን አምጥቷል። ችግሩ የተፈጠረው አንድ አባል ከአባልነት ገጽ ወደ ቁጠባ፣ ከቁጠባ ወደ ብድር፣ ከዚያም ወደ ቅጹ በተከታታይ ሲሄድ አራት የተለያዩ ሰዎች ስለሚያነጋግሩት ነው።

ችግሩ እንዴት ታወቀ

ማኅበሩ ችግሩን ያወቀው ከመስኮት ሠራተኞች ነው። በገበያ የሚነግዱ አንዲት እናት የብድር ጥያቄ ለማቅረብ የልጃቸውን ስልክ ተጠቅመው ቅጹ ላይ ሲደርሱ፣ «ስልክ ቁጥርህን አስገባ» የሚለውን አይተው አቋርጠው በአካል መጡ። ለሠራተኛዋ የነገሯት ምክንያት ግልጽ ነበር፦ የማኅበሩ ሰዎች ሁልጊዜ «እርስዎ» እያሉ ሲያስተናግዷቸው ኖረው፣ ገጹ በወንድ «አንተ» ብሎ ሲያነጋግራቸው ሌላ ሰው ገንዘባቸውን ሊወስድ የከፈተው መሰላቸው። ሠራተኛዋ ይህን ለሥራ አስኪያጁ ስትናገር ሌሎች የመስኮት ሠራተኞችም ተመሳሳይ ነገር እንደገጠማቸው አስታወሱ። ስለ ውዝፍ ዕዳ የሚናገረውን ገጽ አትመው ይዘው የመጡና «ይህ የክስ ማስጠንቀቂያ ነው ወይ?» ብለው የጠየቁ አባላትም ነበሩ፤ ገጹ ግን ለሁሉም አባል የተጻፈ ማብራሪያ ነበር።

ይህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማኅበሩ የአነጋገሩን መዘበራረቅ በመመሪያ ለማረም ሞክሮ ነበር። የተዘጋጀው መመሪያ የማኅበሩ አነጋገር «ወዳጃዊ፣ ሙያዊና ግልጽ» እንዲሆን የሚያዝ አንድ ገጽ ነበር። ማንም አልተቃወመውም፤ ማንም ግን ሊሠራበት አልቻለም፤ ምክንያቱም የማስታወቂያ ባለሙያው «ፍጠኑ!» የሚለውን ወዳጃዊ፣ ጸሐፊውም «እናሳስባለን» የሚለውን ሙያዊ አድርገው ያዩታል። መመሪያው ቅጽል እንጂ ግስ አልነበረውም፤ የሚጽፈው ሰው ግን በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ መምረጥ ያለበት ግስ ነው።

ገጾቹን መዘርዘርና ድምፆቹን መለየት

በመጀመሪያ በድረ ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ አሰፈርን። ድረ ገጹ በዎርድፕረስ የተሠራ ስለነበር የኮምፒውተር ባለሙያው ዝርዝሩን በዚህ ትእዛዝ አወጣው፦

```
wp post list --post_type=page --fields=ID,post_title,post_author,post_modified --format=csv
```

ወደ ሰባ የሚጠጉ ገጾች ወጡ። በሠንጠረዡ ላይ የጨመርነው ዋና ዓምድ «አንባቢው በዚህ ሰዓት ምን ላይ ነው?» የሚል ነበር፤ ለምሳሌ «አባል ለመሆን እያሰበ ያለ»፣ «ክፍያ ያለፈበት»፣ «ለሰው ዋስ ሊሆን የተጠየቀ»። ይህ ዓምድ በኋላ ላይ ከሁሉም ይበልጥ ጠቀመን።

በሥርዓቱ የተመዘገበው የጸሐፊ ስም ግን አልረዳንም፤ ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል ይገቡ ስለነበር ገጾቹ በሙሉ በአንድ ሰው ስም ተመዝግበዋል። የገጾቹን ዕድሜ የነገሩን ሌሎች ምልክቶች ናቸው። የከተማዋ ስም በአንዳንዱ «አዋሳ»፣ በሌላው «ሐዋሳ»፣ በአዲሶቹ «ሀዋሳ» ተብሎ ተጽፏል። አድራሻው ላይ «ደቡብ ክልል» የሚሉት የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. ከመመሥረቱ በፊት የተጻፉ ናቸው። በአሮጌዎቹ ገጾች አራት ነጥብ የተጻፈው ሁለት ኮለን ተደርጎ ነው። እነዚህን ምልክቶች ይዘን ገጾቹን በዘመን ስንደረድራቸው፣ ቀደም ሲል «በየቦታው የተበተነ ችግር» የመሰለው ነገር በጥቂት ንብርብሮች የተከፈለ ሆኖ ታየ። አንድ ገጽ ውስጥ ሁለት ንብርብር ሲገኝ አንድ ሰው በሌላው ጽሑፍ ላይ አንቀጽ ጨምሯል ማለት ነው፤ ከሁሉ የከፋው መዘበራረቅም የተገኘው በእነዚህ ገጾች ላይ ነበር።

ቀጥሎ አንድን መልእክት በየገጹ እንዴት እንደተባለ ጎን ለጎን አስቀመጥን። ስለ ወርሃዊ ቁጠባ የሚናገሩት ዐረፍተ ነገሮች እነዚህ ነበሩ፦

«መደበኛ ቁጠባ በየወሩ ገቢ መደረግ ያለበት መሆኑን እናሳውቃለን።»
«ቁጠባችሁን በየወሩ አስገቡ!»
«አባላት ቁጠባቸውን በየወሩ እንዲያስገቡ የማስቻል ሥራ ይሠራል።»
«የወሩን ቁጠባህን አላስገባህም።»

አራቱን በወረቀት ጽፈን ያለ ምንም ማብራሪያ በአዳራሹ ተራ ለሚጠብቁ አባላት አሳየናቸው፤ የጠየቅናቸውም «እነዚህን የጻፈው ማን ይመስልዎታል?» ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ቀበሌ ወይም ባንክ፣ ሁለተኛውን ማስታወቂያ፣ ሦስተኛውን የእርዳታ ድርጅት፣ አራተኛውን አንድ ግለሰብ የጻፈው ነው አሉ። ማኅበሩ የጻፈው ነው ያለ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ስለ ቃና ንድፈ ሐሳብ ማስረዳት አላስፈለገም።

በፍለጋ የሚገኘውና የማይገኘው

ገጾቹን ወደ ጽሑፍ ፋይል ቀይረን የአንተ እና የእርስዎ አነጋገር የት የት እንዳለ በፍለጋ ለየን፦

```
grep -rnE '(ለህ|ህን|ሃል)([ ።፣:]|$)' pages/
grep -rnE 'ዎ([^ች]|$)' pages/
```

የመጀመሪያው «ትችላለህ»፣ «ቁጠባህን»፣ «አስገብተሃል» የመሰሉትን ያወጣል፤ ግን «ይህን» የሚለውንም ቃል አብሮ ስለሚያመጣ ውጤቱ በዓይን መታየት አለበት። በሁለተኛው ላይ «ች» እንዲገለል የተደረገው «ሰዎች» እና «ተጠቃሚዎች» ዝርዝሩን እንዳያጥለቀልቁት ነው። በቅንፉ ውስጥ ኮለን የገባውም አሮጌዎቹ ገጾች አራት ነጥብን በኮለን ስለጻፉ ነው፤ ያለ እርሱ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ያሉት በሙሉ ያመልጣሉ።

ፍለጋ ቦታውን ያሳያል እንጂ ማረም አይችልም። ከሠራተኞቹ አንዱ በአንድ ጊዜ ፈልጎ መተካትን ሐሳብ አቅርቦ በቅጂ ላይ ሞከርነው። «ቁጠባህን» በ«ቁጠባዎን» ሲተካ በዚያው ዐረፍተ ነገር ያለው «አስገባ» ሳይለወጥ ስለሚቀር «ቁጠባዎን አስገባ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይወጣል፤ ይህ ከመጀመሪያውም የባሰ ነው። ስም፣ ግስና አገናዛቢ አብረው መለወጥ ስላለባቸው እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በእጅ መጻፍ ነበረበት።

ጭራሽ በፍለጋ ያልተገኙም ነበሩ። የቅጾቹ የስህተት መልእክቶች በገጹ ጽሑፍ ውስጥ አይደሉም፤ በቅጹ ተሰኪ ማስተካከያና በትርጉም ፋይሉ (`.po`) ውስጥ ናቸው። እነርሱን ለማግኘት ቅጹን ሆን ብለን እያሳሳትን ሞላነው፦ ስልኩን አጉድለን፣ ባዶ ትተን፣ መታወቂያውን ሳናያይዝ። ወጥተው የታዩትን መልእክቶች አንድ በአንድ መዘገብን። በፎቶ መልክ የተለጠፉ ማስታወቂያዎችም በዓይን ካልተነበቡ አይገኙም። አባሉን ቅር ያሰኙት መልእክቶች አብዛኞቹ እነዚሁ ፍለጋ የማይደርስባቸው ነበሩ፤ አንባቢው የሚያገኛቸው አንድ ነገር ሲሳሳትበት ስለሆነ ልቡ ቀድሞ ተጨንቋል።

የተወሰኑት ውሳኔዎች

ውሳኔዎቹን ጥቂት አድርገን ሁሉንም በግስ ደረጃ አስቀመጥን። አንባቢው በሁሉም ገጽ «እርስዎ» ይባላል። ይህ የአክብሮት ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የእርስዎ አነጋገር ወንድና ሴት ስለማይለይ ከአባላቱ ብዙዎቹ ሴቶች ለሆኑበት ማኅበር የሚስማማው እርሱ ነው። የማስታወቂያ ባለሙያው ለወጣቶቹ «እናንተ» ይቅርላቸው ብሎ ተከራክሯል፤ ክርክሩ በቁም ነገር የተያዘ ነበር። ለብዙ ሰው በአንድ ላይ በሚደረግ የስብሰባ ጥሪ ላይ «እናንተ» እንዲቀር ተስማማን፤ አንድ ሰው ብቻውን በስልኩ የሚያነበው የአገልግሎት ገጽ ላይ ግን እንዳይገባ ተወሰነ።

ማኅበሩ ስለ ራሱ ሲናገር በአገልግሎት ገጾች «እኛ»፣ ውልንና ዕዳን በሚመለከቱ ገጾች ደግሞ «ማኅበሩ» ይባላል። ይህ ልዩነት ወጥነትን የሚያፈርስ ይመስላል፤ ነገር ግን «እኛ ፍርድ ቤት እንወስድዎታለን» የሚል ዐረፍተ ነገር እንደ ዛቻ ይሰማል፤ «ማኅበሩ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ይወስዳል» የሚለው ግን የአሠራር መግለጫ ነው። ወጥ ቃና ማለት በየሁኔታው አንድ ዓይነት ድምፅ መስማት አይደለም። የመስኮት ሠራተኛዋም አዲስ አባልን ስትቀበልና ዕዳ ያለፈበትን ስታነጋግር ፊቷ ይለያያል፤ ሁለቱም ግን ያው እርሷ መሆኗን ያውቃሉ።

በቅጹ አዝራሮች ላይ ያልተጠበቀ ክርክር ተነሣ። «ላክ» እና «ቀጥል» የሚሉት ወደ «ይላኩ» እና «ይቀጥሉ» ይለወጡ ወይ? በመጨረሻ እንዳሉ ቀሩ። አዝራሩን ሲጫን የሚያዘው አባሉ፣ የሚታዘዘው መሣሪያው ነው፤ በአባላትም ዘንድ ቅሬታ አላስነሡም። ከሳጥኑ በላይ ያለው ጽሑፍ ግን አባሉን ስለሚያዝ ተለወጠ፤ የተሻለው መንገድም ግሱን ጨርሶ መተው ሆኖ ተገኘ። «ስልክ ቁጥርህን አስገባ» የሚለው «ስልክ ቁጥር» ብቻ ሆነ።

የመተዳደሪያ ደንቡን አልነካነውም። ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀ ስለሆነ ቃሉን በድረ ገጽ ላይ ማለዘብ አይቻልም። በላዩ ላይ በማኅበሩ አነጋገር የተጻፈ አጭር ማብራሪያ ጨመርን፤ ልዩነት ቢኖር የሚጸናው ከታች ያለው የደንቡ ቃል መሆኑንም ጻፍን።

አንድ ገጽ በቅርበት፦ ክፍያ ሲያልፍ

ከሁሉ ያስቸገረው ስለ ዘገየ የብድር ክፍያ የሚናገረው ገጽ ነበር። ቀድሞ እንዲህ ይል ነበር፦

«ተበዳሪው የወሰደውን ብድር በውሉ በተመለከተው የጊዜ ሰሌዳ መሠረት የመክፈል ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ ይህ ሳይሆን ቀርቶ ለተከታታይ ሦስት ወራት ክፍያ ባቋረጠ ተበዳሪ ላይ ቅጣት ታስቦ፣ ዋሶች እንዲጠሩ ተደርጎ፣ በሕግ አግባብ የሚጠየቅ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን። ብድራችሁን በጊዜ ከፍላችሁ የቀጣዩ ዙር ተጠቃሚ ሁኑ!! ለበለጠ መረጃ ስልክ ቁጥርህን አስገባ።»

በአንድ አንቀጽ ውስጥ «ተበዳሪው»፣ «እናንተ» እና «አንተ» አሉ። ሠራተኞቹ ያዘጋጁት የመጀመሪያ እርማት ደግሞ ይህ ነበር፦

«ውድ አባላችን፣ የክፍያ መዘግየት ማንንም ሊያጋጥም የሚችል ስለሆነ አይጨነቁ። በሰዓቱ ቢከፍሉ ደስ ይለናል። ሦስት ወር ካለፈዎት ዋሶችዎን እናነጋግራለን፤ ቀሪውንም ዕዳ ይከፍላሉ።»

ይህ ጽሑፍ አንድ ወጥና ለጆሮ የሚመች ነው፤ በስብሰባም ብዙዎቹ ወደዱት። ያስቆመው የብድር ክፍሉ ሠራተኛ ነው፤ ያነሣቸው ነጥቦችም ሁሉም ትክክል ነበሩ። «ግዴታ አለበት» የነበረው «ቢከፍሉ ደስ ይለናል» ሲሆን ግዴታው ወደ ምኞት ወርዷል። ቅጣቱ ጨርሶ ጠፍቷል፤ አነጋገሩን ስለሚያከብደው ማንም ሳያስበው ወድቋል። የመጨረሻው ግስ ደግሞ ሁለት ትርጉም አለው። በአማርኛ የ«እርስዎ» እና የ«እነርሱ» ግስ መልኩ አንድ ስለሆነ፣ «ይከፍላሉ» የሚለው ዋሶቹን ይሁን ተበዳሪውን አይለይም። አሮጌው ገጽ በሩቅ አካል ስለተጻፈ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ችግሩን የወለደው ወደ «እርስዎ» የተደረገው ለውጥ ራሱ ነው። ጥቂት አባላትን «ቀሪውን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ከፊሎቹ «እኔ»፣ ከፊሎቹ «ዋሶቹ» አሉ።

ከዚህ በኋላ የግዴታ ቃላትን በደረጃ ከፍለን፣ ቃና በሚታረምበት ጊዜ አንዱ ደረጃ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ወሰንን። በደንቡ «ይገደዳል» ወይም «ግዴታ አለበት» ያለው በገጹ ላይ «አለብዎት» ይሆናል፤ «ይችላል» ያለው «ይችላሉ» ይሆናል፤ «ይመረጣል» ያለው «ቢያደርጉ ይሻላል» ሊባል ይችላል። «ይጠበቅብዎታል» የሚለውን ሙሉ በሙሉ ተውነው፤ አንዱ እንደ ግዴታ፣ ሌላው እንደ ምክር ያነበዋል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ወገን ሲኖር ደግሞ የየዐረፍተ ነገሩ ባለቤት በግልጽ እንዲጻፍ አደረግን። የመጨረሻው ጽሑፍ ይህ ሆነ፦

«የብድር ክፍያዎን በውልዎ ላይ በተጻፈው ቀን መክፈል አለብዎት። በዚያ ቀን መክፈል የማይችሉ ከሆነ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ለብድር ክፍል ያሳውቁ፤ የብድር ኮሚቴው የክፍያ ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል። ቀኑ ካለፈ በውሉ ላይ የተጻፈው ቅጣት ይታሰባል። ሦስት ወር በተከታታይ ካልከፈሉ ማኅበሩ ዋሶችዎን ይጠራል። እርስዎ ካልከፈሉ ዋሶችዎ ቀሪውን ዕዳ የመክፈል ግዴታ አለባቸው። ዋሶችዎም ካልከፈሉ ማኅበሩ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ይወስዳል።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድም የማለዘቢያ ቃል የለም፤ ሆኖም ከቀድሞው ይልቅ የሚያረጋጋ ሆኖ ተነበበ። ያረጋጋው ኮሚቴው ጊዜ ሊያራዝም እንደሚችል የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ነው። አሠራሩ ድሮም ነበር፤ በአሮጌው ገጽ ላይ ግን አልተጻፈም፤ የማስጠንቀቂያ አነጋገር ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ አይሰጥም። «ቅጣት ይታሰባል» የሚለው ተደራጊ ግስም እንዳለ ቀርቷል፤ ቅጣቱን የሚያስበው ማን እንደሆነ ማንም አይጠራጠርምና። ያንኑ ጥያቄ ደግመን ስንጠይቅ መልሱ አልተለያየም።

የሥራው ቅደም ተከተልና ያስተማረን

ሥራውን ስንጀምር ሐሳቡ የአንዱን ጸሐፊ ገጾች ጨርሶ ወደ ሌላው ማለፍ ነበር። ይህ ለአራሚው ይቀላል፤ ለአንባቢው ግን ለረጅም ጊዜ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ከታረመ ገጽ ወጥቶ ወዲያው ወዳልታረመው ይገባልና። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ ያለውን «አንባቢው በዚህ ሰዓት ምን ላይ ነው?» የሚለውን ዓምድ ተከትለን በአንባቢው መንገድ ሄድን። መጀመሪያ ብድር ጠያቂው የሚያልፍባቸውን ገጾች ከመግቢያው እስከ ቅጹ የመጨረሻ የስህተት መልእክት ድረስ ጨረስን፤ ከዚያ የአዲስ አባልን፣ ቀጥሎ የዋስን መንገድ። አንድ መንገድ ሳያልቅ አንዱም ገጽ አልተለወጠም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ተተኩ። ስለ ቃና መዘበራረቅ ለሚሠራ ሌላ ድርጅት ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብባል የምሰጠው ይህን ቅደም ተከተል ነው።

ከሥልጠና ፕሮጀክቱ የመጡት ገጾች አብዛኞቹ መታረም አላስፈለጋቸውም። ለማን እንደተጻፉ ስንጠይቅ ለአባሉ የሚሆን መረጃ የያዙት ጥቂት ሆነው ስለተገኙ ቀሪዎቹ ከድረ ገጹ ወጡ። ገጽን ከማረም በፊት መቆየቱን መጠየቅ ብዙ ድካም ያስቀራል።

እርማቱን እያንዳንዱ የመጀመሪያ ጸሐፊ በሚገኝበት ሁሉ ራሱ አይቶታል። አሮጌውን ገጽ የጻፉት የቀድሞ ጸሐፊ በጡረታ ላይ ናቸው፤ ረቂቁን ሲያነቡ በአንድ ቦታ «ይህ የደንቡን ቃል ይለውጣል» ብለው አመልክተው እርሳቸው ያሉት ተይዟል። የሰውን ጽሑፍ ቃና መለወጥ የሥራውን ዋጋ መካድ ተደርጎ በቀላሉ ይወሰዳል። በግስ ላይ የተመሠረተ መመሪያ እዚህም ላይ ረዳን፤ «አነጋገርዎ ደረቅ ነው» ከማለት ይልቅ «በዚህ ገጽ አንባቢውን ተበዳሪው ብለነዋል፣ በሌሎቹ እርስዎ ነው» ማለት ማንንም አያስከፋም።

አዲሱ መመሪያ ሁለት ገጽ ሲሆን አብዛኛው «ከዚህ ወደዚህ» እያለ የሚያሳይ የዐረፍተ ነገር ጥንድ ነው። አዲስ ገጽ የሚጽፍ ሰው ጥንዶቹን አይቶ ይጽፋል፤ አንዲት የመስኮት ሠራተኛ ከመውጣቱ በፊት ጮክ ብላ ታነበዋለች። እርሷ የተመረጠችው አባሉን በየቀኑ በአፏ ስለምታነጋግር ነው፤ ለአባል በፊቱ የማትናገረውን ዐረፍተ ነገር ምልክት አድርጋ ትመልሳለች። ሁለቱ የፍለጋ ትእዛዞችም በየሦስት ወሩ ይሠራሉ።

ገና ያልተፈታው

ከጠቅላላ ጉባኤና ከቁጥጥር ኮሚቴ የሚወጡ ማስታወቂያዎች አሁንም በማኅተም የተረጋገጡ ደብዳቤዎች ሆነው ይመጣሉ፤ ቃላቸውም የደብዳቤ ነው። እነዚህን መለወጥ ስለማይቻል በላያቸው ላይ ማስታወቂያው ማንን እንደሚመለከትና ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገሩ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይጨመራሉ። ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ማስታወቂያው በችኮላ በወጣ ቁጥር ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች ይረሳሉ።

በአጭር የስልክ መልእክት የሚላኩት የክፍያ ማስታወሻዎችም ገና አልታረሙም። መልእክቱን የሚልከው ሌላ ድርጅት ያቀረበው ሥርዓት ስለሆነ ጽሑፉን ለመለወጥ ስምምነቱ መታየት አለበት። እስከዚያው ድረስ አባሉ በድረ ገጹ ላይ «እርስዎ» ተብሎ በስልኩ «ክፍያህ አልፏል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል።

የሲዳምኛ ገጾች በዚህ ሥራ አልተካተቱም። በሲዳምኛ የሚጽፍ አርታኢ ገጾቹን ከአማርኛው እየተረጎመ ሳይሆን ከአባላቱ ጋር ከመጀመሪያው ተነሥቶ እንዲያያቸው ሐሳብ ቀርቧል፤ የሥራ አመራር ኮሚቴውም በሚቀጥለው በጀት እንዲያዝ ተቀብሎታል።